በዝርዝሩ ላይ የሌለው አቅራቢ፦ ኦዲተር የተሸሸገ ግንኙነትን እንዴት ያገኛል፣ ዋጋውንስ በምን ይመዝናል?

የአንድ ኩባንያ ዓመታዊ ኦዲት ሲጀመር ኦዲተሩ ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ ከኩባንያው ጋር ግንኙነት ያላቸው ወገኖች ዝርዝር ነው። ባለአክሲዮኖች፣ የቦርድ አባላት፣ ሥራ አስኪያጆች፣ የእነዚህ ሁሉ የቅርብ ቤተሰቦችና ቤተሰቦቹ የሚቆጣጠሯቸው ድርጅቶች በዚህ ዝርዝር ይገባሉ። ዝርዝሩን አዘጋጅቶና ፈርሞ የሚሰጠው ግን የኩባንያው አመራር ራሱ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ግንኙነቱን ለመሸሸግ ምክንያት ያለው ሰው ቢኖር ዝርዝሩን የሚፈርመው ያው ሰው ነውና።

ይህ ሥራ ከሌላው የኦዲት ሥራ የሚለይበት ነገር አለ። ኩባንያው በባንክ ገንዘብ አለኝ ካለ ባንኩ ይጠየቃል፤ በመጋዘን ዕቃ አለኝ ካለ ዕቃው ይቆጠራል። በተሸሸገ ግንኙነት ጊዜ ግን ግብይቱ በመዝገብ ሙሉ ለሙሉ ሰፍሮ፣ ደረሰኙ ተያይዞ፣ ዕቃው ገቢ ሆኖ፣ ክፍያውም በባንክ አልፎ ሊገኝ ይችላል። ከመዝገቡ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ አቅራቢ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ድርጅት ነው» የሚል። ስለዚህ ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር በማመሳከር ብቻ የሚሠራ ኦዲተር መቶ ደረሰኝ ቢመረምርም ምንም ስሕተት ሳያገኝ ይወጣል።

በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ኩባንያዎችን ወደ ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎች ካስገባ በኋላ፣ የሂሳብ ደረጃ ቁጥር 24 ምን መገለጽ እንዳለበት፣ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 550 ደግሞ ኦዲተሩ ያልተገለጸውን እንዴት መፈለግ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ቁጥር 550 ኦዲተሩ የአመራሩን ዝርዝር ተቀብሎ እንዲቀመጥ አይፈቅድም፤ ቢያንስ የባንክና የሕግ አማካሪ ማረጋገጫዎችን እንዲሁም የባለአክሲዮኖችና የቦርድ ቃለ ጉባኤዎችን በዚህ ዓይን እንዲያነብ ያስገድዳል። ነገር ግን ደረጃዎቹ የተጻፉት ለመላው ዓለም ነውና፣ እያንዳንዱ አገር ሰዎች የሚጠሩበትና የሚዛመዱበት መንገድ ፍለጋውን እንዴት እንደሚለውጠው አይናገሩም። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾችና ልጆች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ኦዲተሩ የአቅራቢዎችን መዝገብ ከዳይሬክተሮች ስም ጋር ሲያስተያይ ሚስትም ልጅም አብረው ይወጡለታል። በእኛ አሰያየም ግን ስም የሚናገረው የአባትን መስመር ብቻ ነው። ለማስረዳት ያህል ሥራ አስኪያጁ ግርማ አለሙ ደስታ ይባሉ። ልጃቸው ሄለን ግርማ አለሙ ትሆናለች፤ ስለዚህ የሥራ አስኪያጁን ስም በሁለተኛው ቦታ ላይ መፈለግ ልጆችን ያወጣል። ወንድማቸው ታደሰ አለሙ ደስታ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስም አብረው መግጠማቸው ወንድምና እኅትን ያሳያል። የአጎት ልጅ ደግሞ በሦስተኛው ስም ብቻ ይገናኛል። ሚስታቸው አልማዝ በቀለ ወልዴ ከባለቤታቸው ጋር አንድም የሚጋሩት ስም የላቸውም፤ የሚስት ወንድም፣ የእኅት ልጅ፣ በእናት ብቻ የሚገናኝ ወንድምም እንዲሁ። በውጭ አገር የተሠራ የማመሳከሪያ ፕሮግራም የመጨረሻውን ስም ብቻ እያስተያየ ቢሠራ፣ በእኛ መዝገብ ላይ ልጅን ትቶ የማይዛመዱ ሰዎችን በአያት ስም ሲያገናኝ ይውላል።

በዚህ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። አለሙ፣ ዓለሙና ዐለሙ፣ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ በባንክ ሰነድ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ ማመሳከሩ ከመጀመሩ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን «አመሳከርን፣ ምንም አላገኘንም» የሚለው የኦዲት ማስታወሻ ዋጋ የለውም።

የሚስትን ስም ኦዲተሩ ከየት ያምጣ? ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ ኩባንያው ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ይገኛል፤ እሱም የባንክ ብድር ፋይል ነው። ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ለኩባንያው ብድር የጋራ ቤቱን በመያዣ ሲሰጥ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ስለሚጠየቅ፣ በመያዣ ውሉ ላይ የሁለቱም ሙሉ ስም እስከ አያት ሰፍሮ ይገኛል። በቤተሰብ የተቋቋሙ ኩባንያዎች የመመሥረቻ ጽሑፍም በጥቂት አክሲዮን የገቡ ዘመዶችን ይይዛል። ከእነዚህ የተገኙት ስሞች የሚስትን አባት ስም ይሰጣሉ፤ በዚያ ስም ደግሞ የሚስትን ወንድሞችና እኅቶች መፈለግ ይቻላል። ሦስተኛው መንገድ ውክልና ነው። አንድ ድርጅት በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ ቼኩን የሚፈርመው፣ ውሉን የሚዋዋለው፣ ሲፒኦውን የሚቀበለው ግን ውክልና የያዘ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ኦዲተሩ መጠየቅ ያለበት የንግድ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን የውክልና ሰነዱንም ነው። በአቅራቢው ፋይል ውስጥ ከንግድ ፈቃድና ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጋር ውክልና ተያይዞ ሲገኝ ብዙ ሰው ገጹን ገልጦ ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማነበው እሱን ነው።

ስም ሁሉ ቢሸሸግ እንኳ የሂሳቡ ጠባይ ይናገራል። እውነተኛ አቅራቢ በትንሽ ትእዛዝ ይጀምራል፣ ይከራከራል፣ ዕቃ ይመለስበታል፣ ክፍያው ሲዘገይ ደብዳቤ ይጽፋል። የዘመድ አቅራቢ ግን ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ በትልቅ ትእዛዝ ይገባል፤ ሌሎች ሁለት ወር ሲጠብቁ እሱ በሳምንቱ ይከፈለዋል፤ ቅድመ ክፍያ ያለ ዋስትና ይወስዳል፤ ግዢውንም የሚያጸድቀው የግዢ ክፍሉ ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ምልክት የደረሰኝ ቁጥር ነው። አቅራቢው በዓመት ውስጥ የሰጣቸው ደረሰኞች ቁጥር ሳይዘል ተከታትሎ ከሄደ፣ ድርጅቱ ለሌላ ለማንም ደንበኛ ደረሰኝ አልቆረጠም ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሂሳብ ደረጃ ቁጥር 24 አንድ አቅራቢ በአንድ ደንበኛ ላይ መደገፉ ወይም ሁለት ኩባንያዎች አንድ የጋራ ዳይሬክተር ማግኘታቸው ብቻውን ግንኙነት ያላቸው ወገኖች እንደማያደርጋቸው በግልጽ ይናገራል። ምልክት ማለት መጠየቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ምልክትን በቸልታ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል የደቡብ አፍሪካው ስታይንሆፍ በሚገባ ያሳያል። ይህ በስቴለንቦሽ ዋና መሥሪያ ቤቱን የያዘ የቤት ዕቃ ነጋዴ ኩባንያ በጆሃንስበርግና ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015 ጀምሮ በፍራንክፈርት ገበያ አክሲዮኑ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2017 የሂሳብ ሕገ ወጥነት መገኘቱንና ዋና ሥራ አስኪያጁ ማርከስ ዮስተ መልቀቁን ሲያስታውቅ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአክሲዮኑ ዋጋ አብዛኛው ተነነ። ፒደብሊውሲ የተባለው የኦዲት ድርጅት ያካሄደው ምርመራ ማጠቃለያ በማርች 2019 ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 ድረስ 6.5 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ሐሰተኛ ወይም ሥርዓት የጎደለው ግብይት መመዝገቡ ተገለጸ። የግብይቱ ሌላኛ ወገኖች ነጻና ገለልተኛ ኩባንያዎች ተብለው የቀረቡ ነበሩ፤ ምርመራው ግን ከስታይንሆፍ ወይም ከሠራተኞቹ ጋር የቅርብ ግንኙነት እንደነበራቸው፣ በጥቂት ሰዎች ቁጥጥር ሥር የመሆን ጠንካራ ምልክትም እንዳላቸው አመለከተ።

ለኦዲተር ትምህርት የሚሆነው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የተሰብሳቢው ሂሳብ መንገድ ነው። ከእነዚህ «ገለልተኛ» ኩባንያዎች ገቢ ተገኘ ተብሎ ሲመዘገብ በሌላው ጎን ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም ደንበኛው ገና ያልከፈለው ዕዳ፣ ይወለዳል። እውነተኛ ተሰብሳቢ ሂሳብ በጊዜው ከባንክ በሚገባ ጥሬ ገንዘብ ይዘጋል። በስታይንሆፍ ግን በገንዘብ ያልተሰበሰበው ሂሳብ ወደ ብድርነት ይዛወር፣ ከሌላ ሂሳብ ጋር ይቻቻል፣ በሌላ ዓይነት ንብረት ይተካ ነበር። ስለዚህ አንድ ኦዲተር ትልቅ ተሰብሳቢ ሂሳብ በዓመቱ መጨረሻ ተዘግቶ ሲያገኝ «ተከፈለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃውም፤ «በምን ተዘጋ?» ብሎ የባንክ መግለጫውን መስመር ማየት አለበት። በጆርናል ወረቀት ብቻ የተዘጋ ሂሳብ ካለ፣ ሌላኛው ወገን ማን መሆኑን ማወቅ የግድ ነው። በእኛ አገር የሚበዛው ግን ተቃራኒው አቅጣጫ ይመስለኛል፤ ትርፍን ለማስዋብ ሳይሆን ገንዘብን በውድ ግዢ፣ በውድ ኪራይና በአማካሪነት ክፍያ ቀስ አድርጎ ለማስወጣት።

ግንኙነቱ ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ዋጋው ትክክል ነበር ወይ? አመራሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን መርጠናል» የሚል ነው። ፋይሉ ሲከፈት ሦስቱም ፕሮፎርማዎች በማኅተም ታስረው ይገኛሉ። ነገር ግን ፕሮፎርማ የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተሸጠ ዋጋ አይደለም፤ ማንም በወዳጅነት ከፍ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ተሸናፊዎቹ ሁለቱ ድርጅቶች ያን ዕቃ በእርግጥ ይነግዱ እንደሆነ፣ ስልካቸው የማን እንደሆነ፣ የዕቃው ስም በሦስቱም ወረቀቶች ላይ በአንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ተጽፎ እንደሆነ ማየት ይገባል። ለዋጋ ማስረጃ የሚሆነው ኩባንያው ራሱ ከማይዛመዱት አቅራቢዎች በእርግጥ የገዛበት፣ ወይም አቅራቢው ለማይዛመዱት ደንበኞች በእርግጥ የሸጠበት ዋጋ ነው።

አንድ ምናባዊ ምሳሌ በቁጥር እንከተል። አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ጠርሙስ የሚነፋበትን ፕሪፎርም ከአንድ አቅራቢ በዓመት 10 ሚሊዮን ፍሬ፣ እያንዳንዱን በ6.00 ብር ገዛ፤ አቅራቢው በኋላ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም መሆኑ ታወቀ። ፋብሪካው ከሌላ ሁለት አቅራቢዎች ደግሞ በ5.20 ብርና በ4.30 ብር ገዝቷል። ቸኩሎ የሚያሰላ ሰው አማካኙን 4.75 ወስዶ ልዩነቱን 12.5 ሚሊዮን ብር ያደርገዋል። ሆኖም የፕሪፎርም ዋጋ የሚወሰነው በዋናነት በክብደቱ ነው። የዕቃ መረከቢያ ሰነዶቹ ሲታዩ የዘመዱና የ5.20ው ፕሪፎርም 16 ግራም ሲሆኑ፣ የ4.30ው 13 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ እሱ ከንጽጽሩ ይወጣል። የቀረው መነሻ 5.20 ብር ነው፣ ልዩነቱም 80 ሳንቲም።

አሁን ሥራ አስኪያጁ ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም መሠረት አለው። የ5.20ው አቅራቢ ዕቃውን በራሱ በር ላይ ያስረክባል፣ ገንዘቡንም እጅ በእጅ ይቀበላል። ዘመዱ ግን እስከ ፋብሪካው ያደርሳል፣ ውሉም የ60 ቀን ዱቤ ይሰጣል። ማድረሻው ሲሰላ በፍሬ 15 ሳንቲም ይሆናል። ዱቤው የባንክ ወለድ 18 በመቶ ቢሆን፣ 5.20 ሲባዛ በ18 በመቶ፣ ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለ365፣ ወደ 15 ሳንቲም ይጠጋል። በሌላ በኩል ከዘመዱ የተገዛው ብዛት ከሌላው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ገለልተኛ ሻጭ በዚህ ብዛት 10 ሳንቲም ይቀንስ እንደነበር ከዋጋ ዝርዝሩ ታየ። ሁሉም ሲደማመር ተገቢው ዋጋ 5.40 ብር ይሆናል፤ የቀረው ትርፍ ክፍያ በፍሬ 60 ሳንቲም፣ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር ነው።

ብዙ ኦዲተር እዚህ ላይ ያቆማል። ውል ግን የተጻፈውን እንጂ የተደረገውን አይነግርም። የተከፋይ ሂሳቡ ከባንክ መግለጫው ጋር በቀን ሲነጻጸር፣ ለዘመዱ ክፍያ የተፈጸመው በአማካይ ዕቃው በገባ በ9 ቀን ሆኖ ተገኘ እንበል። የ60 ቀኑ ዱቤ በወረቀት ብቻ የነበረ ዱቤ ነው። ለ9 ቀን የሚገባው ወለድ 2 ሳንቲም ያህል ብቻ በመሆኑ ተገቢው ዋጋ ወደ 5.27 ይወርዳል፣ ትርፍ ክፍያውም ወደ 7.3 ሚሊዮን ብር ያድጋል። ለአመራሩ ክርክር ድጋፍ የነበረው የውል አንቀጽ በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ያሳያል፤ ዱቤ ሳይሰጥ የዱቤ ዋጋ ተከፍሏል።

ይህ ስሌት የራሱ ገደብ አለው። የኦዲት ደረጃው ራሱ እንደሚቀበለው፣ ዋጋን ከገበያ ጋር ማስተያየት ቀላል ሲሆን፣ የዱቤ፣ የዋስትና፣ የጥራትና የአደጋ ኃላፊነት ሁኔታዎች ሁሉ እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ ግን ከባድ ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ባለበት ጊዜ ደግሞ ዕቃ በእጁ ያለው ነጋዴ ከሌላው አስበልጦ ቢሸጥ አያስገርምም፤ ስለዚህ የሚነጻጸሩት ግዢዎች በአንድ ወር ውስጥ የተደረጉ መሆን አለባቸው እንጂ የጥቅምት ዋጋ ከሰኔ ዋጋ ጋር አይመዘንም። በዚህ ምክንያት ጥሩ የሥራ ወረቀት አንድ ነጠላ ዋጋ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ወሰን ይሰጣል፤ በምሳሌያችን ወሰኑ ከ5.15 እስከ 5.40 ቢሆን እንኳ 6.00 ብር ከወሰኑ ውጭ ነው። ገበያ ለሌለው ነገር፣ ለምሳሌ ለአመራር ምክር ክፍያ፣ ወሰን እንኳ ማውጣት ሊያስቸግር ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው ጥያቄ አገልግሎቱ በእርግጥ ተሰጥቷል ወይ የሚለው ነው፤ ሪፖርት፣ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከሌለ ዋጋውን መመዘን ራሱ ትርጉም የለውም።

ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይለያል። የሂሳብ ደረጃው ኩባንያው ፕሪፎርሙን በ5.27 ብር እንደ ገዛ አድርጎ መዝገቡን እንዲያስተካክል በአብዛኛው አያስገድድም፤ የተከፈለው 60 ሚሊዮን ብር ነውና እሱው ይመዘገባል። የሚጠየቀው የግንኙነቱ ዓይነት፣ የግብይቱ መጠን፣ ያልተከፈለው ቀሪ ሂሳብና ሁኔታዎቹ እንዲገለጹ ነው። የግብር ሕጉ ግን ሌላ መንገድ አለው፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል የተደረገ ግብይት ገለልተኛ ወገኖች በሚስማሙበት ዋጋ እንዳልተሠራ ሲታይ ባለሥልጣኑ እንዲያስተካክለው ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ኦዲተሩ ለ7.3 ሚሊዮኑ የሚመጣ የግብር ዕዳ መኖር አለመኖሩን መመዘን አለበት። ከዚህ ጋር አመራሩን «ይህ አቅራቢ በዝርዝሩ ላይ ለምን አልገባም?» ብሎ መጠየቅ፣ ከእሱ ጋር የተደረጉ ግብይቶች ሁሉ እንዲወጡ ማድረግ፣ ሌሎች ያልተገለጹ ካሉም እንደገና መፈለግ ግዴታው ነው። መልሱ «ረስተን ነው» የሚል ከሆነ፣ የ60 ሚሊዮን ብር አቅራቢን የሚረሳ ሰው በሌላው ሂሳብ ላይ የሰጠው ማረጋገጫ ምን ያህል እንደሚታመን ዳግመኛ ማሰብ ይኖርበታል።

ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ክርክር የሚነሣው በቁጥር ሳይሆን በአንድ ሐረግ ላይ ነው። ግንኙነቱ በማብራሪያው ላይ እንዲሰፍር ከተስማሙ በኋላ አመራሩ «ግብይቱ በገበያ ዋጋ የተከናወነ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲጨመርለት ይሻል። ደረጃ 24 ይህን ማለት የሚፈቅደው ማረጋገጫ ሲኖር ብቻ ነው፤ ማረጋገጫውን የማቅረብ ሸክም ያለበትም አመራሩ ነው። ከወሰኑ ውጭ የሆነ 6.00 ብርና በ9 ቀን የተከፈለ የ60 ቀን ዱቤ በፋይሉ ውስጥ እያሉ ኦዲተሩ ያን ዓረፍተ ነገር እንዲሰረዝ ይጠይቃል፤ ካልተሰረዘም በሪፖርቱ የሚሰጠውን የኦዲት አስተያየት ይለውጣል።